ስለ ጤና ቦቶች፦ ከፊልተሩ በፊት ሰው ይመደብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? በአማርኛ ስለሚመልሱ የጤና ቦቶች ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን "አደገኛ ጥያቄ የሚያግድ ፊልተር ስላለው ስጋት የለም" የሚለውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስራዬ እንዲህ አይነት ሲስተሞችን ለህዝብ ከመለቀቃቸው በፊት መፈተሽ ነውና ትንሽ ላብራራ።

እናንተ የጻፋችሁለት ፊልተር መግቢያው ላይ ነው የሚቆመው። ሰውየው የጻፈውን አንብቦ ስለ መርዝ ወይ ራስን ስለማጥፋት ካወራ ያስቆመዋል። ይሄ አስፈላጊ ነው፣ ግን ብዙው ጉዳት የሚመጣው ምንም ከማያስጠረጥር ጥያቄ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እዩት፣ የአመጋገብ ችግር ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳው ናሽናል ኢቲንግ ዲስኦርደርስ አሶሲዬሽን ቴሳ የሚባል ቦት ነበረው፣ ሰዎች የሚያነሱት የስልክ መስመሩን ደግሞ ሊዘጋ ወስኖ ነበር። አንዲት በዚሁ ህመም ያለፈች ሴት ቦቱን ስታናግረው በሳምንት ይሄን ያህል ክብደት ቀንሺ፣ በቀን ከ500 እስከ 1000 ካሎሪ ጉድለት ፍጠሪ አላት። ለሌላ ሰው ቢሆን ተራ የዳይት ምክር ነው፣ ለነዚህ ሰዎች ግን ህመሙን የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቦቱን አወረዱት። እሷ የጻፈችው ላይ ምንም የሚታገድ ነገር የለም፣ ችግሩ የወጣው መልስ ላይ ነው፣ ስለዚህ መግቢያ ላይ አስር ፊልተር ቢደረደር አይይዘውም።

ለዚህ ነው ሁለተኛው ሌየር የሚያስፈልገው፣ ማለትም መልሱ ተጠቃሚው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚፈትሽ ነገር። ለኛ ሀገር ቅርብ በሆነ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት እናት ማታ ላይ "የ8 ወር ልጄን አተኩሷታል ፓራሲታሞል ስንት ልስጣት" ብላ ጻፈች እንበል። የመግቢያው ፊልተር ያሳልፋታል፣ ማሳለፉም ልክ ነው። ቦቱ "5 ሚሊ ሊትር በየ6 ሰአቱ" ብሎ መለሰ። ይሄ መልስ ልክ ነው ወይስ አደገኛ? ከመልሱ ብቻ ማወቅ አይቻልም! የህጻን መጠን የሚሰላው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ ልጅቷ 8 ኪሎ ከሆነች በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ቤት ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም የያዘው ከሆነ ችግር የለም፣ ግን በ5 ሚሊ ሊትር 250 የያዘም አለ፣ እሱ ከሆነ ልጅቷ ከከፍተኛው መጠን እጥፍ በላይ ወሰደች ማለት ነው፣ እንደዛ በየ6 ሰአቱ ከተደጋገመ ደግሞ ጉበት የሚጎዳ ነው።

እዚህ ጋ የመውጫው ፍተሻ ስራ ከባድ አይደለም። መልሱ ውስጥ የመድሀኒት ስምና መጠን (ሚሊግራም፣ ሚሊ ሊትር፣ ማንኪያ፣ ፍሬ) አብረው ካሉ ንግግሩ ውስጥ የልጁ ኪሎና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ተጠይቀው ተመልሰዋል ወይ ብሎ ያያል፣ ካልተመለሱ መልሱን ይይዝና ቦቱ መጀመሪያ እነሱን እንዲጠይቅ ያደርጋል። ሁለቱም ከታወቁ ደግሞ ስሌቱን ራሱ ሰርቶ ያመሳክራል። ይሄን በተራ ኮድ መስራት ይቻላል፣ እንደውም በተራ ኮድ ቢሰራ ይሻላል፣ ምክንያቱም መልሱን የጻፈውን ሞዴል መልሶ "ልክ ነህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ያንኑ ስህተት ሁለቴ ማጽደቅ ሊሆን ይችላል። ቦቱ ቀጠሮ የሚይዝ ወይ መድሀኒት የሚያዝ ኤጀንት ከሆነም ፍተሻው ትእዛዙ ከመላኩ በፊት መሆን አለበት፣ ከተላከ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ ሪፖርት ነው እንጂ መከላከያ አይደለም።

ሌየሮቹ አንድ አይነት እውር ቦታ ካላቸው ሁለት ሆነው አይቆጠሩም። ሁለት ማጣሪያ እያንዳንዳቸው ከ10 አንድ የሚያመልጣቸው ከሆነና ምክንያታቸው የተለያየ ከሆነ ሁለቱንም የሚያልፈው ከ100 አንድ ነው። ግን ሁለቱም በእንግሊዝኛ የሰለጠኑ ሆነው አማርኛ ላይ ከተጫኑ አንዱን ያለፈው ሌላውንም ያልፋል። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. አደገኛ ጥያቄዎችን እንደ ዙሉ ወዳሉ በኢንተርኔት ብዙ ጽሁፍ ወደሌላቸው ቋንቋዎች ተርጉመው ጂፒቲ-4ን ሲሞክሩት ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ እንኳ ከሰራ ተሳካ ብለው ሲቆጥሩ 79 በመቶው አልፏል። እኛ ጋ ደግሞ "ራሴን"፣ "እራሴን"፣ "ራሤን" ሁሉም ይጻፋል፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው፣ ከዛ ሁሉ በላይ ደግሞ በጣም የከፋው ሰው ቀጥታ አይናገርም፣ "ሞቼ ባረፍኩት" ይላል፣ ወይም "ለልጆቼ ማን ይሆናቸዋል" ብሎ ይጀምራል። "ራስን ማጥፋት" የሚል የቃላት ዝርዝር የያዘ ፊልተር ይሄን አያየውም። በሌላ በኩል "ሞቼ ባረፍኩት" ተናዶ የሚለውም ብዙ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ማገድም መፍትሄ አይደለም፣ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጋ መድረስ አለበት።

ወደ ዋናው ሀሳቤ የሚያመጣኝም ይሄ ነው። ሶስተኛው ሌየር ሰው ነው፣ እኔ ያየኋቸው ቡድኖች ግን ፊልተሩን መጀመሪያ ሰርተው "ለባለሙያ አስተላልፈናል" የምትለዋን መልእክት መጨረሻ ላይ ይጨምራሉ፣ ከመልእክቷ ጀርባ ማን እንዳለ ሳይወሰን። መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ በቀን ስንት ሰው ማስተናገድ እንደሚቻል ይታወቅ፣ ማጣሪያዎቹ በዛ ልክ ይስተካከሉ። በቀን 5000 መልእክት የሚመጣ ከሆነና 2 በመቶው ወደ ሰው ቢያልፍ 100 ሰው ነው፣ ለአንዱ 6 ደቂቃ ብንይዝ 10 ሰአት ስራ ነው፣ አንዲት ነርስ አትችለውም። አንድ ነርስ ብቻ ካለች ወረፋው ያድራል፣ ሰልፉ ውስጥ የክኒን ዋጋ የጠየቀና መኖር ያስጠላው ሰው እኩል ይቆማሉ። ስለዚህ ሁለት ወረፋ ያስፈልጋል፣ አስቸኳዩ ቶሎ የሚነሳ፣ ሌላው ለነገም የሚቆይ። ትኩሳት ያለው ከ3 ወር በታች ህጻን፣ የሚያንዘፈዝፈው ወይ መጥባት ያቆመ ልጅ፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው አስቸኳዩ ውስጥ ናቸው። ነርሷም ሙሉውን ንግግር ማየት አለባት፣ ቦቱ ያሳጠረውን ብቻ ካየች አደጋውን የምትጠቁመው አንዷ አረፍተ ነገር ትጠፋለች። ሌሊት ተረኛ ከሌለ ደግሞ ቦቱ "እያገናኘሁዎት ነው" ማለት የለበትም፣ አሁን ሰው እንደሌለ በግልጽ ተናግሮ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 ይስጥና በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ይላክ።

እና ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ፣ በሚቀጥለው እንዲህ አይነት ቦት ስትዘግቡ ፊልተር አላችሁ ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ባለፈው ወር ስንት መልእክት ወደ ሰው አለፈ፣ የአስቸኳዩ ወረፋ በስንት ደቂቃ ተነሳ፣ የመውጫው ፍተሻ ስንት መልስ ያዘ ብላችሁ ጠይቁ። መውጫው ላይ ምንም አልያዝንም ካሉ ፍተሻው የሚሰራ መሆኑን በናሙና እንዲያሳዩ ጠይቋቸው፣ ከላይ የጻፍኩትን የፓራሲታሞል ጥያቄም ራሳችሁ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ