ስለ ፋሲካው ቡና፦ 86 ያመጣውን ትተን 83 ተኩሉን ለምን እንደላክንላችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ነገሩን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ከፋሲካ በፊት ባንድ ቅዳሜ ሱቅ መጥታችሁ የቀመሳችሁት የጌዴኦ የታጠበ ቡና ሁላችሁም ወደዳችሁት፣ እኔም ደስ ብሎኝ የቅምሻ ነጥቡን ከመቶ 86.25 ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፣ ለበዓል ይደርሳል አልኩ። ከዛ የደረሳችሁ ሌላ ቡና ሆነ፣ 83.5 ያገኘ፣ በዛው በ21 ዶላር። አንድ በጣም የማከብራቸው እናት ደውለው «አንተ ልጅ፣ 86ቱን ለፈረንጅ ሸጥከው አይደል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያቺ ንግግር እንቅልፍ ነስታኛለች።

ለፈረንጅም ለሐበሻም አልሸጥኩትም። አልገዛሁትም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሱኝ።

ቡና ስንገዛ ሁለት አይነት ሕግ አለን፣ እኛ ሱቅ «የሚጥል» እና «የሚቀንስ» እንላቸዋለን። እኔ የፈጠርኩት አይደለም፣ ስፔሻሊቲ የሚባለውን ከፍ ያለ ጥራት ያለው ቡና የሚገዙ ሰዎች ሲሰሩበት የኖሩት ነው። 350 ግራም ጥሬ ቡና ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፣ ከ2 ሺህ በላይ ፍሬ ነው፣ አንድ ባንድ ይታያል። ሰባራ ፍሬ ቢገኝ አምስቱ እንደ አንድ ጉድለት ይቆጠራል፣ የተጨማደደም አምስቱ አንድ ነው፣ በከፊል የኮመጠጠ ደግሞ ሦስቱ አንድ። የእንደዚህ አይነቱ ድምር እስከ አምስት ጉድለት ድረስ ያልፋል። እነዚህ የሚቀንሱት ናቸው። ሙሉ በሙሉ የኮመጠጠ፣ ሙሉ ጥቁር የሆነ ወይ የሻገተ ፍሬ ከሆነ ግን ድምር የሚባል ነገር የለም፣ ከ350 ግራሙ አንዲት ከተገኘች ቡናው ስፔሻሊቲ መሆኑ አበቃ፣ ቅምሻው 86 ይሁን 90 አይጠየቅም።

እናንተ የቀመሳችሁት ቡና ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ። ቅዳሜ የቀመስነው አስመጪው በፖስታ የላከልኝን ትንሽ ሳምፕል ነው። ሰኞ ኒው ጀርሲ መጋዘኑ ድረስ ነድቼ ሄጄ ከአስሩም ጆንያ በራሴ እጅ ናሙና ወሰድኩ። በመጀመሪያው 350 ግራም ሁለት የኮመጠጡ ፍሬዎች አገኘሁ፣ ቀለማቸው ወደ ቡናማ ቢጫ የሄደ፣ አንዷን ስከፍላት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የምትል። አላመንኩም፣ ሌላ 350 ቆጠርኩ፣ አንድ ተጨመረች። በቃ፣ መኪናዬን አስነስቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ መንገዱን ሙሉ እየተናደድኩ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ ይመጣል፦ «ታዲያ ለምን ነጥብ ቀንሰህ አታሳልፈውም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም መንገድ ላይ አስቤዋለሁ። ግን ቀንሰን እንየው። ለኮመጠጡት ሁለት ነጥብ ቀንሰን እንበል፣ 86.25 ወደ 84.25 ይወርዳል። አያችሁት? አሁንም ከላክሁላችሁ ከ83.5ቱ ይበልጣል! በነጥብ ብቻ ብሄድ የኮመጠጠ ያለበትን ገዝቼ ንጹሑን እተው ነበር ማለት ነው። ጥሩ መዓዛውና የሎሚ አበባ የሚመስለው ጣዕሙ የፍሬዎቹን ጥፋት ይሸፍንላቸዋል፣ የእናንተ ጀበና ውስጥ ሲገቡ ግን የሚሸፍናቸው የለም።

ደግሞ ያ 86.25 ከየት መጣ? ስንቀምስ አምስት ስኒ ነው፣ ለያንዳንዱ 8 ግራም ከሩብ የተቆላ ቡና። አምስቱ ተደምሮ ወደ ጥሬ ሲመለስ ከ350 ግራሙ አንድ ሰባተኛውን እንኳን ለመሙላት ይጣጣራል። ስለዚህ በዛ ሁሉ ውስጥ ያለች አንዲት መጥፎ ፍሬ አምስቱም ስኒ ውስጥ ሳትገባ ልትቀር ትችላለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ትቀራለች። ቅዳሜ የሆነው እሱ ነው፣ በአምስቱም ስኒ ያገኘናት ደህና ደህናዋን ነው። ቅምሻ ቡናው ምን ያህል እንደሚጣፍጥ በደንብ ይነግራል፣ እንደዚህ አይነቷን ብርቅ ጥፋት ለመያዝ ግን ወንፊቱ ሰፊ ነው፣ ለሷ አይን ነው የሚያስፈልገው።

እኔ ያገኘሁት በ700 ግራም ሦስት ነው። አንድ ፓውንድ የተቆላ ለማውጣት 530 ግራም አካባቢ ጥሬ ይፈጃል፣ ስለዚህ በየከረጢታችሁ ሁለት ያህል ይገቡ ነበር። ሰባራ ፍሬ ቶሎ ያርራል፣ ትንሽ መራራነት ለሁሉም ስኒ እኩል ያካፍላል፣ ብዙ ከሆነ ይሰማል ጥቂት ከሆነ አይሰማም። የኮመጠጠ ግን አያካፍልም፣ አንዱን ጀበና ጠቅላላ ያበላሻል፣ በበዓል ቀን እንግዳ ፊት።

«ለምን አስለቅመህ አትሸጠውም» ያላችሁኝም አላችሁ። ዓይን ያያት ትለቀማለች። ችግሩ የኮመጠጠ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀይ ፍሬው ሳይፈለፈል ውሎ ሲያድር ወይ ገንዳው ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ነው፣ እንደዛ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ደህና መስለው ውስጣቸው የተበላሸም አብረው ይኖራሉ፣ እነሱን በእጅ ለቅመህ አትጨርስም። ቤታችሁ ጥሬ ገዝታችሁ የምትቆሉት እናቶች በዓይናችሁም በአፍንጫችሁም እንደምትይዟቸው አውቃለሁ፣ ለእናንተ በቅናሽ ላመጣው እችል ነበር፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። እኔ የምሸጠው በብዛት የተቆላ ነው፣ ከተቆላ በኋላ ደግሞ ይህቺን ፍሬ ከጓደኞቿ መለየት ለኔም ይከብደኛል።

83.5ቱ ላይ ምን ነበር? ሰባራ 12፣ ሁለት ጉድለት፣ የተጨማደደ 7፣ አንድ ጉድለት፣ በድምሩ ሦስት፣ የሚጥል ምንም የለም። መዓዛው ቀለል ይላል፣ አልክድም። ነጥቡን ያሳነሰው እሱ ነው።

እኔም ያለ ጥፋት ሰው አይደለሁም። ድሮ የፍሬ መጠንን ከሚጥሉት ጋር አስቀምጬ ትናንሽ ነው ብዬ ግሩም ግሩም ቡና መልሻለሁ፣ የሀገራችን ቡና ብዙው በተፈጥሮው ትንሽ ፍሬ መሆኑን እያወቅኩ። አሁን የሚቀንስ እንጂ የሚጥል አይደለም። ሕግ ስታጠብቅ መልካሙንም ትገፋለህ፣ ስለዚህ የሚጥሉት ጥቂት ብቻ እንዲሆኑ እጠነቀቃለሁ።

ይሄን ስራ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ ውስጥ በአንድ ኪሎ መቁያ ስጀምር ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ነበር፣ የመጀመሪያ ደንበኞቼ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የገዙኝ፣ ብዙዎቻችሁ እስከዛሬ አላችሁ። በ2025 መጀመሪያ ቡና ኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ቀጥሎም ታሪፉ ሲመጣ፣ ከ19 ወደ 21 ብቻ ነው የጨመርኩት፣ ከረጢቱም ኪራዩም እየተወደደ። ያን የጌዴኦ ቡና በቅናሽ ሰጥተውኝ ነበር፣ ብገዛው ለኔ ይሻለኝ ነበር። በ21 ዶላር እንዲህ አድርጎ የሚቆጥርላችሁ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም፣ ግን ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ አስቡኝ።

ጥፋቴ አለመናገሬ ነው። ከረጢቱ ላይ ሌላ ቡና መሆኑን ሳልጽፍ ላክሁ፣ ለዚህ ይቅርታ። ከአሁን በኋላ ነጥቡና የጉድለቱ ቁጥር ለየብቻ ይጻፋል። ያልወደዳችሁት ከረጢቱን ተከፍቶም ቢሆን መልሱ፣ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ።

ሦስቱን ፍሬዎች ካውንተሩ ላይ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ክዳን አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ። ቅዳሜ ስትመጡ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽቷቸው።

አክባሪያችሁ፣ ቡና ቆዪያችሁ