ለኢንተርኔት ካፌ ደንበኞቻችን፦ ኮምፒውተሮቻችሁ ከፍላሽና ከኔትወርክ እንዳይነሱ የምንቆልፈው ለምንድን ነው?

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በሚቀጥሉት ሳምንታት ለመደበኛው ጥገና ስንመጣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ከወትሮው 10 ደቂቃ ያህል አስበልጠን እንቆያለን። ማሽኖቹ ከገዛ ሃርድ ዲስካቸው በቀር ከፍላሽም፣ ከሲዲም፣ ከኔትወርክም እንዳይነሱ አድርገን ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን መቼት፣ ባዮሱን፣ በፓስወርድ እንቆልፋለን። "ዲፕ ፍሪዝ አለኝ አይደል፣ ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?" ብላችሁ የደወላችሁልን ስላላችሁ ነገሩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ። የሚጀምረው ከእኛው ስህተት ነው።

ከደንበኞቻችን አንዷ 12 ማሽን ያለው ቤት አላቸው። አንድ ቀን ደውለው "9 ቁጥር ሰዓቱ አልስተካከል አለ፣ ባትሪ ቀይሩልኝ" አሉን። ሄድን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን CR2032 ባትሪ ቀየርን፣ ሰዓቱን አስተካከልን፣ ሂሳባችንን ተቀብለን ወጣን። በሦስተኛው ቀን ያው 9 ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ባትሪው የተበላሸ ነው ብለን ሌላ ቀየርን። አሁንም ያው። ባለሙያችን ነገሩ የገባው በሦስተኛ ጉዞው፣ የግድግዳውን ሰዓትና የኮምፒውተሩን ሰዓት ጎን ለጎን ሲያይ ነው። ግድግዳው ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 5:00 PM ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ደግሞ 2:00 PM። ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት፣ ደቂቃ እንኳ ሳይዛነፍ።

ያለቀ ባትሪ እንዲህ አያደርግም። ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ከነቀኑ ይጠፋል፣ ወይም ማሽኑ ጠፍቶ ያደረበትን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ልክ 3 ሰዓት የሚጎድለው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲነካው ነው። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚጽፈው የአገሩን ሰዓት ነው። ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን አስተካክሎ በግሪንዊች አቆጣጠር ይጽፈዋል፣ እኛ ደግሞ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ዊንዶውስ ሲመለስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ተጎትቶ ያገኘዋል። (በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ስለሆነ የዚያ ጉዳይ አይደለም፤ አስተናጋጁ መጀመሪያ የጠረጠረው እሱን ነበር።)

የሆነው ይሄ ነው። አንድ ተጠቃሚ ማታ ማታ ጥግ ላይ ያለችውን 9 ቁጥር መርጦ ይቀመጣል። ማሽኑን አጥፍቶ ሲያስነሳ ፍላሹን ይሰካና F12 ይጫናል፣ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይመርጣል። ዊንዶውስ ስላልተነሳ የሂሳብ መቁጠሪያው ፕሮግራምም አልተነሳም። በአስተናጋጁ ስክሪን ላይ 9 ቁጥር "ጠፍቷል" ይላል። ሰውየው ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በነፃ ይጠቀማል። ሲጨርስ አጥፍቶ ይሄዳል።

የሂሳቡስ ትንሹ ጉዳት ነው። ዲፕ ፍሪዝ የሚሠራው በዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ዊንዶውስ ካልተነሳ እሱም ተኝቷል። ከፍላሽ የተነሳ ሰው ሃርድ ዲስኩን እንደ ተራ ዕቃ ከፍቶ ያነባል፣ የዊንዶውስ ፓስወርድም አይጠየቅም። አብዛኞቻችሁ C:ን አቀዝቅዛችሁ D:ን ክፍት ትተዋላችሁ፣ ምክንያቱም ስካን ያደረጋችሁት ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በእኚህ ደንበኛችን D: ላይ ስናይ ለዲቪ የተነሱ ፎቶዎች፣ የፓስፖርት ገጾች፣ የቀበሌ መታወቂያዎችና ሲቪዎች ተከማችተው ነበር። በነገራችን ላይ ዲፕ ፍሪዝ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር C:ን ወደ ነበረበት ስለሚመልስ የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ያለውን አሻራም አብሮ ያጠፋል። የማይጠፋው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ዊንዶውስ ከኢንተርኔት እስኪያስተካክለው ድረስ ነው። ለባትሪዎቹ የከፈሉትን መልሰንላቸዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ከእናንተ ብዙዎቹ ጋ ያሉት ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ስለሆኑ በእነሱ እናሳያችሁ። ማሽኑ ሲነሳ F2 ተጭነን ባዮስ ውስጥ እንገባለን። General ሥር Boot Sequence አለ። ከሃርድ ዲስኩ ወይም ከ Windows Boot Manager በቀር ያለውን ምልክት ሁሉ እናነሳለን። እዚሁ ገጽ ላይ Legacy ወይም UEFI የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን አንነካም፣ ከተቀየረ ዊንዶውስ አይነሳም። አንዳንድ ባለሙያ ሃርድ ዲስኩን ቅደም ተከተሉ ላይ አንደኛ አድርጎ "ቆልፌዋለሁ" ይላል። አልቆለፈም። F12 ቅደም ተከተሉን አልፎ ስለሚሄድ ፍላሹ ዝርዝሩ ላይ እስካለ ድረስ መግቢያው ክፍት ነው።

ስለዚህ ቀጥለን System Configuration ውስጥ USB Configuration ላይ Enable Boot Support የሚለውን ምልክት እናነሳለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጠገቡ ያሉት ምርጫዎች የፊትና የኋላ የዩኤስቢ ቀዳዳዎችን ጭራሽ የሚዘጉ ናቸው። እነሱ ከተነኩ ሲቪውን ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ የመጣው ደንበኛ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ኪቦርድና ማውሱም የዩኤስቢ ከሆኑ አብረው ይሞታሉ። እኛ የምንዘጋው ከፍላሽ መነሳትን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ፍላሹ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ፋይል ይገለበጣል፣ ይታተማል። ከዚያ POST Behavior ውስጥ POST Hotkeys ላይ የF12ን ምልክት እናነሳለን። ዊንዶውስ ውስጥ Shift ይዞ Restart ሲጫኑ Use a device የሚል ሌላ በር እንዳለ የሚያውቁ ልጆች አሉ። በባዮስ ከፍላሽ መነሳት ከተዘጋ በዚያም በኩል ፍላሹ አይነሳም።

ኔትወርኩ የሚዘጋው Integrated NIC በሚለው ገጽ ነው። Enabled w/PXE የሚለውን ወደ Enabled እናወርደዋለን፣ Enable UEFI Network Stack ምልክት ካለበትም እናነሳዋለን። ኢንተርኔቱ አይነካም። የሚቆመው ማሽኑ ሲነሳ በኔትወርክ ገመዱ "የሚያስነሳኝ አለ?" ብሎ መጠየቁ ብቻ ነው። ካፌ ውስጥ ሁሉም ማሽን አንድ ስዊች ላይ ስለተሰካ አንድ ሰው ላፕቶፑን በገመድ ሰክቶ "እኔ አለሁ" ብሎ ቢመልስ የራሱን ሲስተም ሊያስነሳበት ይችላል። እውነቱን ለመናገር በእናንተ ቤት ይህንን ያደረገ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ግን ብዙዎቹ ማሽኖች መቼቱ ክፍት እንደሆነ ነው የደረሷችሁ። ከዊንዶውስ በፊት ጥቁር ስክሪን ላይ PXE-E61 ወይም PXE-E53 የሚል ጽሑፍ መጥቶ የሚያዘገያችሁ ይሄው ነው። የመጀመሪያው ገመዱ አልተሰካም ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጠይቆ የሚያስነሳው አላገኘም ማለት ነው። ሁለቱም ይጠፋሉ። ሃርድ ዲስክ የሌላቸው፣ ሁሉም ከሰርቨሩ የሚነሱባቸው ቤቶች ግን ኔትወርኩን አንዘጋባቸውም። ብንዘጋው በማግስቱ ቤታቸው አይከፈትም።

በመጨረሻ Security ውስጥ Admin Password እንሰጣለን፣ Admin Setup Lockout የሚለውንም እናበራለን። System Password ከሚለው ጋር እንዳታምታቱት። እሱ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይጠይቃል፤ በየጠዋቱ 12 ማሽን ላይ ፓስወርድ ስትጽፉ ትውላላችሁ። ሁሉ ካለቀ በኋላ እናንተ እያያችሁ ሊኑክስ ያለበትን የራሳችንን ፍላሽ ሰክተን F12ም፣ F2ም፣ የዊንዶውሱንም መንገድ እንሞክራለን። ሦስቱም እምቢ ካሉ ማሽኑ ተቆልፏል። ኤችፒ ያላችሁ ቁልፎቹ F10 እና F9 ናቸው፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ፓስወርዱ የእናንተ ነው። ለየቤቱ የተለያየ እንሰጣለን፣ በወረቀት ጽፈን በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ ብቻ እናስረክባለን። ይህን የምንለው አንድ ደንበኛችን ከእኛ በፊት የነበረ ባለሙያ ፓስወርድ ሰጥቶ ስልኩን አጥፍቶባቸው ስላየን ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ማስጫን ፈልገው ማሽኖቹ አንድ በአንድ መፈታት ነበረባቸው። ሌላ ባለሙያ ፎርማት ሊያደርግላችሁ ቢመጣ ፖስታውን ክፈቱለት፤ ሲጨርስ ግን ከፍላሽ መነሳቱን መልሶ መዝጋቱን አይታችሁ ሸኙት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይቺ ናት።

የዚህ መቆለፊያ ድካሙ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ኦፕቲፕሌክስ ማዘርቦርድ ላይ PSWD የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ መሰኪያ አለች፤ እሷ ከተነቀለች ፓስወርዱ ይጠፋል። በገጣጣሚ ማሽኖች ላይ ደግሞ ባትሪውን ማውጣት ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ ከሳጥኑ ጀርባ ያለችው ቀለበት ላይ ቁልፍ እንድታደርጉ እንመክራለን። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ለሚወስድ ሰው ግን የባዮስ ፓስወርድ ምንም አያግደውም። የሰው ፓስፖርት ስካን D: ላይ ከሳምንት በላይ ባይቆይ ይሻላል።

ማታ ማታ ቆጣሪውን የምታጠፉ ደግሞ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ እወቁ። Time-of-day not set የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ በተለይ በገጣጣሚ ማሽን ላይ፣ መቼቱ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ፍላሹ እንደገና ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ደውሉልን። የግድግዳው ሰዓትና ስክሪኑ ልክ በ3 ሰዓት ከተለያዩ፣ ወይም በአስተናጋጁ ስክሪን "ጠፍቷል" የሚለው ማሽን ፊት ሰው ተቀምጦ ሞኒተሩ ካበራም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ባትሪ አታስቀይሩ።

የጥገና ውል ላላችሁ ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ የለም። የሳጥን ቁልፍ የምትፈልጉ ግን ከመምጣታችን በፊት ስንት ማሽን እንዳላችሁ ንገሩን፤ ገዝተን እናመጣለን፣ የምትከፍሉትም በገዛንበት ዋጋ ነው። ጠዋት ቤቱ ሳይሞላ ብንመጣ ለሁላችንም ይቀላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ