ስፌቱ ውኃ ስለሚያስገባ የሞተር የዝናብ ልብስ የቀረበ ቅሬታ

ለሞተር ሳይክል አልባሳት አስመጪና ሻጭ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዝናብ ልብስና ጓንት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በሞተር ዕቃ በማድረስ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ክረምቱ ሲገባ ከሱቃችሁ የዝናብ ጃኬትና ሱሪ፣ ጓንት እንዲሁም ለሄልሜቴ መስታወት የሚለጠፍ የጉም መከላከያ ገዝቻለሁ። በጃኬቱና በሱሪው ማሸጊያ ላይ «መቶ በመቶ ውኃ የማያስገባ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሻጩም ይህንኑ ነግሮኛል። ልብሱ ግን ውኃ ያስገባል።

መጀመሪያ የረጠበው የሱሪው መቀመጫ ነው። ከመገናኛ ወደ ሽሮ ሜዳ ዕቃ ይዤ ስወጣ ዝናቡ ያዘኝ፤ ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ውስጥ የለበስኩት ጂንስ ርሷል። ከላይ የገባ እንዳይሆን ወገቤን ፈተሽኩ፤ ደረቅ ነበር። ቤት ስገባ ሱሪውን ገልብጬ አየሁት። ሁሉም ስፌት ባዶ ነው፤ የስፌት ማሸጊያ ቴፕ የሚባል ነገር የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብሱ ጨርቅ በፕላስቲክ የተቀባ ስለሆነ ውኃ አያሳልፍም። ሲሰፋ ግን መርፌው በየመስመሩ ይበሳዋል። ስለዚህ እውነተኛ የዝናብ ልብስ ከተሰፋ በኋላ በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ በሙቀት የሚጣበቅ ቀጭን ቴፕ ይደረግበታል። ቴፕ የሌለው ልብስ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ለትንሽ ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ውኃው ይንሸራተታልና። ሞተር ላይ ግን እንቀመጣለን። ውኃው ጭናችን መሐል ይጠራቀማል፣ የሰውነታችን ክብደት ደግሞ ይጫነዋል። አራት ስፌት የሚገናኘውም እዚያው ነው።

እርግጠኛ ለመሆን የሱሪውን እግሮች ወደ ላይ አጥፌ መቀመጫው ላይ ትንሽ ውኃ አጠራቀምኩበት። ብዙም ሳይቆይ ጠብታዎች በስፌቱ መስመር ተሰልፈው ብቅ አሉ። ከስፌቱ ውጭ ያለው ጨርቅ ግን አንድም ጠብታ አላሳለፈም። ቪዲዮውን ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ።

ጓንቱም ያው ነው። በጣቶቹ ጫፍ በኩል ውኃ ይገባል፤ ውስጡ ያለው ስስ ስፖንጅ ደግሞ ይመጠውና እስከ ማታ አይደርቅም። እርጥብ ጓንት በንፋስ ሲመታ እጅ በጣም ይበርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ይብሳል። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨመቅክ አታውቅም። በእርጥብ አስፋልት ላይ ይህ ያስፈራኛል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን አንጸባራቂው ነው። ልብሱ ጥቁር ነው፣ «ማታ ያበራል» የተባለ ግራጫ ጥብጣብ ደረቱና ጀርባው ላይ ተሰፍቶበታል። እውነተኛ አንጸባራቂ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልስ ሾፌሩ ነጭ ሆኖ ይታየዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ልብሱን ሰቅዬ፣ ራቅ ብዬ ቆሜ የስልኬን መብራት ከዓይኔ አጠገብ አድርጌ አበራሁበት። ግራጫ ሆኖ ቀረ። የድሮ ቢጫ ሰደርያዬን አጠገቡ ስሰቅለው ግን የሰደርያው ጥብጣብ ቦግ አለ። ጥቁር ልብስ ለብሼ ማታ በዝናብ የምነዳው ሾፌር ያየኛል ብዬ ነው። ደማቅ ቢጫም ቢሆን በቀንና በደመና ነው የሚጠቅመው፤ ከመሸ በኋላ ያለ እውነተኛ አንጸባራቂ ብዙም አይታይም።

ለሄልሜቴ የገዛሁት የጉም መከላከያ ግን ጥሩ ነው፣ ይህንንም ልንገራችሁ። ዙሪያውን ያለው የሲሊኮን ጠርዝ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ደረቅ አየር ይይዛል፤ ትንፋሼም ቀዝቃዛውን መስታወት ስለማይነካ ጉም አይሆንም። ደህና ዕቃ መምረጥ እንደምትችሉ ይህ ያሳያል።

የምጠይቀው፦ የጃኬቱ፣ የሱሪውና የጓንቱ ገንዘብ ይመለስልኝ። በቴፕ የታሸገ ስፌት ያለው ልብስ ካላችሁም ልዩነቱን ከፍዬ መቀየር እችላለሁ። ሱቅ ውስጥ የቀሩትን ልብሶች ገልብጣችሁ እዩ፤ ቴፕ ከሌላቸው «ውኃ የማያስገባ» የሚለው ጽሑፍ ይነሳ። ጥብጣቡንም በስልክ መብራት ፈትሹት፤ ማታ የማያበራውን «ያበራል» ብላችሁ ለሌላ ሞተረኛ አትሽጡ።

ደረሰኙና ፎቶዎቹ ተያይዘዋል፣ ልብሱንም በፈለጋችሁት ቀን ይዤ እመጣለሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ንግድ ቢሮ እወስደዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ