አክስቴን ጥቁር ያስወለቃት ስልክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የፎቶ መተግበሪያዎችን ባስተዋወቃችሁበት ዓምድ ላይ «የቤተሰብዎን ልብስ በአንድ ንክኪ ይቀይሩ» የሚል ነገር አነበብኩ። እኔ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ልብስ መቀየር አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ቤት ግድግዳው ላይ ለመታወቂያ ፎቶ የሚለበስ አንድ ጥቁር ኮት ዓመታት ተሰቅሏል፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ክራባቱንም በእሱ ማሰር ጀመርን። ግን ያኔ ባለፎቶው ራሱ ፊታችን ቆሞ ነው «ኮት አልብሰኝ» የሚለው። አሁን የጠፋው እሱ ነው።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አክስቴ ባሏን ካጣች ሰባት ወሯ ነበር። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ጥቁር አላወልቅም ብላለች። የእህቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ሊልክ ፈለገና በስልኩ ያለውን ፎቶዋን ለኤአይ ሰጥቶ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አለበሳት። ክፋት የለበትም፣ ልጅ ነው፣ እንድታምር ብሎ ነው። ፎቶውን ቤተሰብ ሁሉ ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ግማሹ ዘመድ አሜሪካ ነው። ሳይመሽ ስልክ መጣ፣ «እንዴ፣ ጥቁር አወለቀች እንዴ? ምነው ቸኮለች?» እያሉ። አክስቴ ምን እንደሚያወሩ እንኳ አልገባትም። ፎቶውን ስናሳያት ዝም ብላ አየችውና «አንተ ልጅ፣ እኔ ያላወለቅኩትን አንተ አወለቅክልኝ?» አለችው።

እኔ ደግሞ በሙያ ዓይኔ አተኩሬ አየሁት። ዋናው ፎቶ ላይ ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ ነበር፣ አንገቷ አይታይም። አዲሱ ላይ ግን አንገት አለ! ለስላሳ፣ የወጣት አንገት። የአክስቴ አንገት ላይ የልጅነት ንቅሳት አለ፣ ማተብም አለ። ሁለቱም የሉም። ብዙ ሰው የማይገባው ይኼ ነው፦ መሣሪያው ከልብሱ ሥር ያለውን «አያይም»፣ ሊያይም አይችልም። የተሸፈነውን ቦታ ከዚህ በፊት ካያቸው የሌላ ሰዎች ፎቶዎች በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ ልብስ ሲቀየር ገላም አብሮ ይፈጠራል፣ ፊቱ ግን የራሷ ስለሆነ ሁሉም የእሷ ይመስላል። አንዳንዶቹ ደግሞ «ልብሱን ብቻ ቀይር» ብትሏቸውም ፎቶውን በሙሉ እንደ አዲስ ስለሚስሉት ፊቱም በትንሹ ይለወጣል። ለማወቅ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጣቶችን፣ የጆሮ ጉትቻን፣ የልብሱንና የቆዳውን መገናኛ ተመልከቱ። የአክስቴ ጥለት ትከሻዋ ላይ ተቋርጦ ከፀጉሯ ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

ልጁ ከግሩፑ አጠፋው፣ ለሁሉም እንዲጠፋ አድርጎ። ግን ስልካቸው ላይ ያስቀመጡት፣ ወደ ሌላ ያስተላለፉት አለ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ፕሮፋይል አድርጋው አገኘናት።

ሥራ ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ፎቶ አምጥቶ «ሁሉንም ሱፍ አልብስልን» አለኝ። ከመካከላቸው ሂጃብ የለበሰች ሴት ነበረች። መሣሪያው ሂጃቧን ወደ ኋላ ሸሽጎ ፀጉር አወጣላት። እኔ ባላየው ኖሮ ድረ ገጻቸው ላይ ይወጣ ነበር። ስልክ ደውዬ እሷን ራሷን አናግሩ አልኳቸው። «ፎቶ ስትነሳ ፈቅዳለች እኮ» አሉ። ለመነሳት ነው የፈቀደችው፣ ለዚህ አይደለም። አለቃ ሲጠይቅ ደግሞ እንቢ ማለት ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ ያልፈለገ ሰው የራሱን ፎቶ እንዳለ ቢያወጡለት ምን ይጎዳቸዋል?

ሕጉም ቢሆን አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ያለባለቤቱ ፈቃድ የሰውን ፎቶ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ኤአይ ባልታሰበበት ዘመን የተጻፈ ነው። የቤተሰብ ግሩፕ አደባባይ ነው ወይ ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፣ እኔ ግን በአክስቴ ጉዳይ ፍርድ ቤት መሄድ አላሰብኩም።

አሁን ፎቶ ቤቴ ውስጥ የምሠራው እንዲህ ነው። የሌላ ሰው ፎቶ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ «ባለቤቱን አገናኘኝ» እላለሁ፣ በስልክም ቢሆን። ምን ልብስ እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን የት እንደሚወጣም እነግረዋለሁ። ያለቀውን ፎቶ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ንቅሳቱንና ማተቡን የሚያስታውሰው ባለቤቱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ዋናውን አላጠፋም። ገላን የሚገልጥ ልብስ ግን ለማንም አልሠራም፣ ባሏ ነኝ ብሎ ቢመጣም። የልጆች ፎቶማ ጭራሽ አልነካም። ደንበኛ ቀንሶብኛል፣ እውነቱን ለመናገር።

አክስቴ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁሯን ስታወልቅ የእህቴን ልጅ ራሷ ጠራችውና «ና አሁን አንሳኝ» አለችው። በነጭ ቀሚሷ፣ ከነንቅሳቷ ተነሳች። እሱን ፎቶ ግሩፑ ላይ የለቀቀችው እሷ ናት።

አንድ ፎቶ አንሺ፣ ከአዲስ አበባ