የቅዳሜው የሙከራ ፈተና፦ መቼ እንዝለል፣ መቼ እንገምት?

ሰላም የጥናት ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በጥናት ክፍላችን 60 ምርጫ ጥያቄ በ60 ደቂቃ እንሠራለን። የዚህኛው ዓላማ የትኛውን ጥያቄ መዝለል፣ የትኛውን መገመት እንዳለብን መለማመድ ነው። ትክክል 1 ነጥብ ያስገኛል፣ ስህተት 1/3 ያስቀንሳል፣ ባዶ 0 ነው። እርሳስ፣ ላጲስና የእጅ ሰዓት ያዙ።

ከአራቱ ምርጫ አንዱንም መጣል ካልቻላችሁ ግምት በአማካይ አይጠቅምም፤ ከ12 ጥያቄ 3 ብታገኙ፣ የ9 ስህተት ቅጣት ያንኑ 3 ነጥብ ይወስደዋል። በእርግጠኝነት አንድ ምርጫ ከጣላችሁ ግን ሂሳቡ ይቀየራል፦ ከ9 ጥያቄ በአማካይ 3 ታገኛላችሁ፣ 6 ስህተት 2 ነጥብ ይወስዳል፣ 1 ይተርፋል። ሁለት ከጣላችሁማ ፈጽሞ ባዶ አትተዉት። «ይሄ አይመስለኝም» ብቻ ግን መጣል አይባልም፤ ለምን ስህተት እንደሆነ መናገር መቻል አለባችሁ።

መነሻው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልታያችሁ የጥያቄውን ቁጥር አክብባችሁ እለፉ፣ የጣላችሁትንም ምርጫ ሰርዙት፤ ስትመለሱ ከዜሮ አትጀምሩም። በመልስ ወረቀቱ ላይ የዘለላችሁትን ረድፍ ባዶ መተዋችሁን አረጋግጡ። እኔ አንዴ 14ኛውን ዘልዬ የ15ኛውን መልስ እዚያው አጥቁሬ፣ እስከ 22 ድረስ ሁሉም ተዛብቶብኛል።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «እመጣለሁ» ብላችሁ ጻፉልኝ፤ ወረቀቱን በቁጥራችሁ ልክ አባዛለሁ።