ለሚጣዬ፣ ስለዚያ የመክፈቻ ምሽት

ሚጣዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት። ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ካርዱም ያልቃል።

ስለ እንጨት ህትመቶቹ ኤግዚቢሽን የጻፍሽውን አነበብኩት። ሦስቴ። መጀመሪያ ኮራሁ፣ ያው የአባት ነገር ነው። በሁለተኛው "ድንቅ" የሚለውን ቃል ቆጠርኩ፤ አምስት ቦታ አለ። በሦስተኛው ጨነቀኝ። አክስትሽ ደግሞ ነገሩን ሁሉ አወጣችው፤ በመክፈቻው ምሽት ግማሽ ሰዓት ያህል ለስላሳ ይዘሽ ከሰው ጋር ስትስቂ እንደነበር፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ እንደጻፍሽው፣ ሰዓሊውም ጓደኛሽ እንደሆነ። ጓደኛሽ መሆኑ አላስከፋኝም። አለመጻፍሽ ነው ያስከፋኝ። "ሰዓሊውን አውቀዋለሁ" ብለሽ አንድ መስመር ብትጨምሪ አንባቢው የራሱን ሒሳብ ይሠራ ነበር።

አሁን ስሚኝ። በመክፈቻ ቀን አይተሽ አትጻፊ። በመክፈቻ ቀን የሚታየው ሰው ነው እንጂ ሥራ አይደለም።

ሳልነግርሽ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ለዓይኔ አዲስ አበባ መጥቼ አንቺ ለሥራ ሐዋሳ በነበርሽበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጋለሪው ሄድኩ። ከእኔና ጋለሪውን ከምትጠብቀዋ ልጅ በቀር ማንም የለም። ሁለት ክፍልና ኮሪደር፣ 16 ሥራ፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። ሞራ የጋረደው ዓይን ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርገዋልና ቀለም ቢሆን ኖሮ አፌን እይዝ ነበር። ጥቁርና ነጭ ግን ገና ይታየኛል።

ዘጠነኛዋን ታስታውሻታለሽ? ኋላኛው ክፍል፣ መብራት ማብሪያው ጎን። "ሐሙስ" ትላለች። አንቺ እንዲህ ነው የጻፍሽው፦ "የተዘጋ በር፤ ፊደሉ መገልበጡ የፈረሰችውን ፒያሳ ትዝታ መገለባበጥ የሚያሳይ ድንቅ ምልክት ነው"። ደስ ይላል ሲነበብ። ግን ከየት አመጣሽው?

እንጨት ላይ የተቀረጸ ነገር ወረቀት ላይ ሲታተም ይገለበጣል፤ ይህን ታውቂያለሽ፣ ልጅ ሆነሽ በድንች ማኅተም አሳይቼሻለሁ። ስለዚህ ፊደል የሚቀርጽ ሰው እንጨቱ ላይ ገልብጦ መቅረጽ አለበት። የረሳ ሰው ህትመቱ ላይ የተገለበጠ ፊደል ይወጣበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ትርጉሙ ምንድን ነው?" አይደለም። "ስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ ነው?" ነው። ይህን ደግሞ ሰዓሊውን ሳትጠይቂ እዚያው ክፍል ውስጥ ማወቅ ይቻላል። ሌሎቹን ሄጄ አየሁ። ሦስተኛው ላይ "ሻይ ቤት" ቀጥ ብሎ ይነበባል። አሥራ አንደኛው ላይ "ፀጉር ቤት" እንዲሁ። ልጁ መገልበጥ ያውቃል ማለት ነው። እሱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሚያውቅ ሰውም ይረሳል። ተመልሼ ዘጠነኛዋን አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳያት (ልጅቷ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች) ታች ግራ ጥግ ላይ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል እዚያው እንጨት ላይ ተቀርጿል። ቀጥ ብሎ ይነበባል። በአንድ እንጨት ላይ አንዱ ፊደል ቀጥ፣ ሌላው ግልብጥ። አልረሳም፣ ሆን ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው "ለምን?" የሚባለው። እዚህ ላይ ነው መግለጽን የዘለልሽው። "የተዘጋ በር" ብለሽ አለፍሽ። በሩ ባለ መስታወት ነው። "ልብስ ስፌት" የሚለው መስታወቱ ላይ ነው የተጻፈው። መቀርቀሪያው በእኛ በኩል ነው። ከታች በቀኝ የስፌት መኪና ጎማ ሩቡ ብቻ ይታያል፣ እሱም በእኛ በኩል። ከበሩ ሥር አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አለች፣ በአንድ የመቅረጫ ጭረት የወጣች፣ መሐሏ ላይ ሁለት ቦታ ትቋረጣለች። እግር ነው። ውጭ ሰው ቆሟል።

ልብስ ሰፊው ከውስጥ ሆኖ ነው በሩን የሚያየው ሚጣዬ። እኛን ደግሞ እሱ ወንበር ላይ አስቀምጦናል። ፊደሉ የተገለበጠው ከሱቁ ውስጥ ስለምናነበው ነው። ትዝታ መዝታ አይደለም፤ ሰውየው ገና ውስጥ ነው፣ የሚያንኳኳውንም ገና አልከፈተለትም። ይህ ካንቺ ትርጉም የሚበልጠው ስላማረ አይደለም። መቀርቀሪያውንም፣ ጎማውንም፣ የተቋረጠችውንም መስመር አንድ ላይ ስለሚያስኬድ ነው። ያንቺው ፊደሉን ብቻ ነው የሚያስኬደው።

ለዚያ ነው የምልሽ፣ በመክፈቻ ቀን አይተሽ አትጻፊ። በዚያ ምሽት ስንት ሰው ከመቀርቀሪያው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር?

ፍርዱን ደግሞ እንየው። "ሁሉም ሥራዎች" ድንቅ አይደሉም። ዘጠነኛዋ ግሩም ናት። የሻይ ቤቷም ጥሩ ናት። ኤክስካቫተር ያለባቸው አምስቱ ግን አንድ ሥራ አምስት ጊዜ ናቸው። መኪናው ትልቅ፣ ሰዉ ትንሽ፣ ሰማዩ ጥቁር። ርእሳቸውም ይሰብካል። አንዱን አይቶ ለሚያልፍ ሰው ሌሎቹ አራቱ ምንም አይጨምሩለትም። ይህን መጻፍ ጓደኝነት አያፈርስም፣ ምክንያቱን እስከጻፍሽ ድረስ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንቺ "ጥቁሩ እንደ ጢስ ይበተናል" ያልሽውን። እነዚህ ህትመቶች በማተሚያ መኪና የወጡ አይመስሉኝም፤ ወረቀቱን ገልብጦ በማንኪያ ጀርባ አሽቶ ነው፣ ሲያዩት የማንኪያው መንገድ ያብለጨልጫል። በእጅ ሲታሽ ጥቁሩ አንዳንድ ቦታ ይሳሳል። ጢስ ነው ወይስ የደከመ እጅ? ልጅቷን ለመንኳትና ከመሳቢያ የኤክስካቫተሩን ሌላ ቅጂ አወጣችልኝ። ግርጌው ላይ በእርሳስ 6/15 ይላል፣ ግድግዳው ላይ ያለው 5/15። አጠገብ ላጠገብ አስቀመጥናቸው። የሳሳው ቦታ በአንዱ መሐል፣ በሌላው ቀኝ ጥግ ነው። እንጨቱ ላይ ታስቦ ቢቀረጽ ኖሮ አይንቀሳቀስም ነበር። ስለዚህ ጢስ አይደለም፣ ቀለሙ በደንብ አልያዘም፣ ወይም እጁ ዝሏል። ለልጁ ንገሪው፣ ያስተካክለዋል። ወረቀቱንም ትንሽ ቢያረጥበው ይረዳዋል።

ገብረክርስቶስ ደስታንና እስክንድር ቦጎሲያንን ለምን ጠራሽ? ስማቸው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። የሁለቱም ነገር ቀለም ነው። ማነጻጸር ካማረሽ እዚያው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ የእንጨት ህትመት አለልሽ፤ በ1950ዎቹ ሐንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ መጥቶ አስተምሯል። ያ መስመር ለአንባቢ አንድ ነገር ያሳየዋል። የትልቅ ሰው ስም ግን ለልጁ ሸክም ነው።

ጉንፋንሽ ለቀቀሽ? ያንን ስስ ጃኬት ተይው፣ ማታ ማታ ይበርዳል።

ለምን እንዲህ እንደምነዘንዝሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም። አልነገርኩሽም። በ1984 እኔም እንዳንቺ ለጋዜጣ እጽፍ ነበር፣ የስዕል አስተማሪነት ደሞዜን ለመደጎም። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን ከፈተ። 22 ስዕል፣ አብዛኛው የሐይቅ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቃችን። በመክፈቻው ምሽት ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ያረጁ ቢጫ አምፖሎች ናቸው ያሉት። እኔ ደግሞ አንድ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ጓደኛው ስለሆነ አሞገሰው እንዳይሉኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። "ቀለሙ ጭቃ ነው" አልኩ። "ውሃው ውሃ አይመስልም፣ የታረሰ መሬት ነው" አልኩ። ጥሩ አባባል መስሎኝ ነበር። ሰዉም ወደደልኝ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ይደግሙልኝ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ስዕሎቹን ስናወርድ ረዳሁት። አዎ፣ ያን ሁሉ ጽፌ ጠራኝ፣ ሄድኩም። በጠዋት ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ ደገፍናቸው። ሰማያዊ! ምን ዓይነት ሰማያዊ መሰለሽ፣ ከውስጡ የሚያበራ። ቢጫ አምፖል ሰማያዊን ይገድለዋል፣ ብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊው ትንሽ ነውና፤ ይህን እኔ የስዕል አስተማሪ ሆኜ ለልጆች አስተምር ነበር። እሱ አንድ ቃል አልተናገረኝም። "አየኸው?" ብቻ አለኝ። ማስተካከያ ልጽፍ አስቤ አፈርኩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እላለሁ እያልኩ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ኤግዚቢሽን አላደረገም። የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ ኖረ። በእኔ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፣ ኑሮም ነበረ፣ ግን አይደለም ማለትም አልችልም። አንቺ ስታደንቂ እኔ ስሳደብ፣ ሁለታችንም ያው በመክፈቻ ቀን ነው ያየነው።

ሳሎን ከሶፋው በላይ ያለው ስዕል፣ "አባዬ ይሄ ባሕር ነው?" ስትዪኝ ያደግሽበት፣ የእሱ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሰጠኝ።

በቃ፣ ወደ ሥራሽ። ኤግዚቢሽኑ እስከ ወር መጨረሻ ክፍት ነው። በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂጂ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ጽሑፍ አታንብቢ። ሦስት ሥራ ብቻ ምረጪና ለማያይ ሰው እንደምትነግሪ ያየሽውን ጻፊ፣ ያሰብሽውን አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ያሉት መስኮቱ መስታወታቸው ላይ ያንጸባርቃልና ጎን ሆነሽ እያቸው፤ አሰቃቀሉንም ንቀፊ፣ እሱ የጋለሪው ጥፋት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ጽሑፍ ጻፊ። የመጀመሪያውን አትደብቂ፣ "ተሳስቼ ነበር" በይ። እኔ ያላልኩትን።

ዓይኔን ኅዳር 12 እዚሁ ደሴ ይሠሩልኛል። ቀላል ነው ብለውኛል፣ እናትሽን አታስፈራሪያት። አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ነይ፣ የሌሊቱን አውቶቡስ እንዳትይዢ። ፋሻው ሲፈታ ያንን ስዕል ከሳሎን አውርጂና መስኮቱ ጋ አድርጊልኝ። በጠዋት ይሁን። አምፖል አታብሪ።

አባትሽ