ጾም ነው ማለት ለውዝ የለውም ማለት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሥራዬ ስብሰባና ሥልጠና ማስተባበር ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ላሉ አስተባባሪዎችና አዳራሽ ለሚያከራዩ ሆቴሎች ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ 120 ሰው የተገኘበት የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅተን ነበር፤ ረቡዕና ሐሙስ። የምዝገባ ፎርማችን መጨረሻ ላይ «ልዩ ፍላጎት ካለዎት ይግለጹ» የሚል አንድ ባዶ መስመር አስቀመጥን። አንዷ ተሳታፊ «አለርጂ» ብላ ጻፈች። አንዱ ደግሞ «ዊልቸር»። እኔም ዝርዝሩን እንዳለ ለሆቴሉ የሽያጭ ሠራተኛ በኢሜይል ላክሁና ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ረቡዕ ምሳ ላይ ያቺ ተሳታፊ ወደ ጾሙ ጠረጴዛ ሄደች። ለውዝ አይስማማትም። አስተናጋጁን ስትጠይቀው «ጾም ነው፣ ምንም የለውም» አላት። እሱ አልዋሸም፤ ሥጋና ቅቤ የለውም ማለቱ ነው። ሰላጣው ላይ የፈሰሰው ስጎ ግን የተሠራው ከለውዝ ነበር። ከንፈሯ ሲያብጥ አየንና ክሊኒክ ይዘናት ሮጥን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሆነች። ማታ ዋናውን ሼፍ አግኝቼ ስጠይቀው ዝርዝሩን ጭራሽ አላየውም።

ሁለት ነገር ነው ያጠፋሁት። መጀመሪያ ጥያቄው። «አለርጂ» የሚል መልስ ወጥ ቤት ውስጥ ምንም አያሠራም። አሁን ፎርሙ ላይ የምጠይቀው በሽታውን ሳይሆን ከምግቡ የሚወጣውን ነገር ነው፦ «የማይስማማዎት ምግብ የትኛው ነው? ትንሽ ቢነካዎትስ ምን ይሆናሉ?» ይህን የሞላ ሰው ላይ ስልክ እደውላለሁ። ከመቶ ሰው ሦስት አራት ቢሆን ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

«ጾም» እና «ፍስክ» የሚል ምርጫም ብቻውን አይበቃም። ሥጋ የሚበላ ሰው የማን እርድ እንደሚበላ ካልተጠየቀ ሙስሊሙ እንግዳ ሁለቱንም ቀን ጾሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ይህ በጣም የተለመደ ስለሆነ ስህተት መሆኑን እንኳን አናስተውለውም። በጾም ዓሣ የሚበላና የማይበላም አለ። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይም አለ፤ ለእሱ ምሳው ተሸፍኖ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ጥፋቴ አሰጣጡ ነው። ሼፍ 120 ረድፍ ያለው ኤክሴል አያነብም። የሚፈልገው ለየአንዳንዱ ምግብ የተደመረ ቁጥር ነው። ለዚያ ሥልጠና መስጠት የነበረብኝ እንዲህ የሚል አንድ ገጽ ነበር፦ ረቡዕ ምሳ፣ ጾም 64፣ የሙስሊም ሥጋ 31፣ የክርስቲያን ሥጋ 23፣ ለውዝ ፈጽሞ የማይነካው ሳህን 2። ሐሙስ ምሳ፣ ጾም 6፣ የሙስሊም ሥጋ 31፣ የክርስቲያን ሥጋ 81፣ ለውዝ የማይነካው ያው 2። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ቁጥሩ ግን በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ጾሙ ላይ ደግሞ አሥር ያህል ማስጨመር ነው። በያይነቱ ሲያዩ የማይጾሙትም ይነሳሉ፣ የሚጾመው መጨረሻ ላይ ባዶ ሳህን ይዞ ይቆማል።

ስም የሚጻፈው ለሁለቱ ሳህኖች ብቻ ነው፣ እሱም ባለቤቶቹ ከፈቀዱ። ምግባቸው ቀድሞ ለብቻ ወጥቶ ይሸፈናል። ቡፌ ላይ ጭልፋ ከድስት ድስት ስለሚዞር መጠንቀቅ ብቻውን አያድንም። ገጹን ከሦስት ቀን በፊት፣ ግዢ ሳይወጣ እሰጣለሁ። ዋዜማው ማታ ደግሞ በማግስቱ ምሳ ላይ ተረኛ ከሆነው ሼፍና ከአስተናጋጆቹ አለቃ ጋር ቆመን እናነበዋለን። ወጥ ቤቱ «ዋስትና መስጠት አልችልም» ካለ ለእንግዳዋ ያኔውኑ እነግራታለሁ፤ ምግቧን ይዛ ለመምጣት ጊዜ ታገኛለች።

«ዊልቸር» ያለው ወንድማችንስ? ሆቴሉን «መወጣጫ አላችሁ?» ብዬ ነበር፣ «አለን» አሉኝ። እውነትም ነበር፤ በጓሮ፣ በዕቃ ማራገፊያው በኩል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ግን ወንበሩን አላስገባም። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ዋለ፤ ይህን የነገረኝ ሲሰናበተኝ ነው። አሁን ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። በሩ ተከፍቶ 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ከሌለው ሌላ አዳራሽ እፈልጋለሁ። መንገዱንም ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹ መቀመጫ፣ ከመቀመጫው እስከ ምሳውና መጸዳጃው ራሴ እሄድበታለሁ። እንዲህ ያለው ፍላጎት የተጻፈበት ወረቀት ለወጥ ቤት አይሄድም፤ ለአዳራሹ ኃላፊ ለብቻው ይሰጣል።

ሆቴሎችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይ ከአዳራሹ ስፋት ጎን የመጸዳጃ ቤቱን በር ስፋት ጻፉልን። ከሽያጭ ሠራተኛው ስልክ ሥር ደግሞ የወጥ ቤት ኃላፊውን ስልክ ጨምሩበት።

አንዲት የስብሰባ አስተባባሪ
አዲስ አበባ